ጎማን በፎቶ መመርመር

ደንበኞች የጎማቸውን ፎቶ በቴሌግራም ይልኩና «ይቀየር ወይስ ይቆይ?» ይሉኛል። በጎሚስታነት ሥራዬ የማልለቀው አንድ ደንብ አለ፦ ፎቶ «ቀይር» ለማለት ይበቃል፤ «ደህና ነው፣ ንዳው» ለማለት ግን ብቻውን አይበቃም።

ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ጥርስ ያሳስታል። ፍላሹ ጥላውን ስለሚያጠፋው ጥልቀቱ አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው በጥርሶቹ መሃል ባሉት ዋና ዋና ቦዮች ውስጥ በአግድም የተሠሩትን ትንንሽ ጉብታዎች ነው። ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት አይችልም። የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው የውስጠኛውን ጠርዝ እንዲያነሱልኝ እጠይቃለሁ። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ጎማውን በውጭ በኩል አሳምሮ በውስጥ በኩል ሽቦው እስኪታይ ይልጠዋል።

ጎኑን የሚያሳየው ፎቶ ደግሞ ጥርሱ የማይናገረውን ይናገራል። በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ ያገለገለች ቪትዝ ገዝታ ፎቶ ላከችልኝ። ጥርሱ ከጉብታዎቹ በጣም ከፍ ያለ ነበር። «ጋሼ፣ ጎማው የ2016 ነው ብለውኛል፤ ገና አዲስ ነው አይደል?» አለችኝ። በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጀምሮ ያለውን ጽሑፍ አቅርባ እንድታነሳው ነገርኳት። መጨረሻው 1416 ይላል። ይህ ማለት በፈረንጆቹ 2016 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፋብሪካ የሚያትመው በፈረንጅ ዘመን ስለሆነ ጎማው ከታሰበው በስምንት ዓመት ያህል ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ፎቶዎቹን ሳሰፋቸው በቦዮቹ ሥርና ከቸርኬው አጠገብ ጎማው ተሰነጣጥቆ አየሁት። «የእኔ እህት፣ ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደርቋል፤ ቀይሪው» አልኳት።

በጎኑ ላይ እብጠት ከታየ ግን ዕድሜውንም ጥርሱንም አልጠይቅም። ጉድጓድ ሲመታ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ ንፋሱን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ይህ አይጠገንም፤ ንፋስ መቀነስም ጎማውን ይበልጥ ያሞቀዋል እንጂ አያድነውም። እብጠት ከፊት ለፊት ሲነሳ ስለሚደበቅ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጎ በአግድም ማንሳት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ፎቶ ስትልኩልን ጥርሱን፣ የውስጥ ጠርዙን፣ ጎኑንና አራቱን የዘመን ቁጥሮች ለየብቻ አንሱ። «ይቀየር» ካልናችሁ ቀይሩ፤ ምንም ካልታየን ደግሞ መኪናዋን ይዛችሁ ኑ፣ በእጃችን ዳስሰን እንንገራችሁ።