ጀርባውን የሰጠ ቁራ

ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ አድሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ፣ አንድ ጥቁር ወፍ በቆርቆሮው አጥር ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በስልኬ አነሳሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ አንገቱን ብቻ ወደ ግራ አዙሮ የጎረቤትን ግቢ ይቃኛል። ፀሐይዋ ገና በቀኝ በኩል ብቅ ማለቷ ነበር። ስልኩን እንደገና ስደግን ብድግ ብሎ በረረ፤ ሁለተኛው ፎቶ ላይ የቀረው በሰማዩ ላይ ያለ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው።

ሁለቱንም ፎቶዎች ደባርቅ ለሚኖሩ አንድ አስጎብኚ ላክሁላቸው። ስሜን ተራሮችን ሲያስጎበኙ የኖሩ፣ ዓይናቸው በወፍ የሠለጠነ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ። ፎቶዬ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ በሦስተኛው ቀን ደወሉ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ምን ነው አልክ?»

«ማጅራቱ ላይ ነጭ አየሁ ጋሼ። ደረተ ነጩ ቁራ ነው ብዬ ነበር።»

«ደረቱን አየኸው?»

አላየሁትም። ወፉ ጀርባውን እንደሰጠኝ ረስቼ፣ ያየሁትን ነጭ ወደማላውቀው ደረት አሻግሬ ነበር። እሳቸው ሳቅ ብለው «በል ነጩን ለጊዜው ተወው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን» አሉኝ። ሥራቸውን የተማርኩት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ነው። እኔ ዓይኔን መጀመሪያ የጎተተውን ይዤ ተነሣሁ፤ እሳቸው ግን በቀላሉ የማይዋሸውን አስቀደሙ።

በደጋው ላይ ሁላችንም በደፈናው ቁራ የምንለው አንድ ዓይነት ወፍ አይደለም። ደረቱና የአንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነ አለ፤ እኔ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኖ ቀጭን ምንቃር ያለው አለ። ጭራው እጅግ አጭር የሆነ፣ ገደል ላይ የሚውል አለ። ከሁሉም የሚገዝፈውና ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘው ደግሞ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ነው። ከእነዚህ አራቱ የትኛው ነው? ያለን ማስረጃ አንድ ፎቶ ነው፤ ያውም ከጀርባ።

አስጎብኚው መጀመሪያ ያዘዙኝ ቁራጭ ወረቀት እንዳመጣ ነበር። ፎቶውን በኮምፒውተር ላይ አስፍቼ የወረቀቱን ጠርዝ ከምንቃሩ ጫፍ አስነሥቼ፣ ምንቃሩ ከግንባሩ ላባ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ወረቀቱን አንሸራትቼ ያንኑ ርዝመት ከግንባሩ እስከ ኋላ ማጅራቱ ድረስ ለካሁበት። ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ይረዝማል። ብዙ አይደለም፤ ግን ይረዝማል።

«በቃ፣ ግማሹን መንገድ ሄድክ» አሉኝ። «ቁራ ሁሉ ምንቃሩ ትልቅ ይመስላል፤ ከራሱ ጭንቅላት የሚበልጥ ምንቃር የተሸከመ ግን በአገራችን አንዱ ብቻ ነው።»

የዚህ መለኪያ ውበቱ ምንም ሜትር አለመጠየቁ ነው። ወፉ በአሥር ሜትር ይሁን በሠላሳ ሜትር፣ ስልኩ ያቅርበው ያርቀው፣ ምንቃሩና ጭንቅላቱ አብረው ያንሳሉ፤ አብረው ያድጋሉ። ወፉን በወፉ መለካት ማለት ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያሳስታል፤ ወፉ ፊቱን ወደ እኛ ወይም ከእኛ ወዲያ ካዘነበለ ምንቃሩ አጥሮ ይታያል። ስለዚህ ጭንቅላቱ በትክክል በጎን መታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምልክቱ ደግሞ ፎቶው ላይ አለ፤ አንዱ ዓይን ሙሉ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ምንቃሩን ለሁለት የሚከፍለው መስመርም ከጫፍ እስከ ጉንጭ ሳይቆረጥ ይነበባል። ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ ምንቃሩን የሚያሳጥር እንጂ የሚያስረዝም አይደለም። ረጅም ሆኖ ከታየን፣ እውነቱ ከዚያ አያንስም ማለት ነው።

ቀጥለው ከርዝመቱ ወደ ቅርጹ ወሰዱኝ። የዚህን ምንቃር የላይ መስመር በጣት ተከተለው። የሌሎቹ ቁራዎች ግማሽ ያህሉን ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ጫፉ ለስለስ ብሎ ይጎብጣል። የዚህ ግን ገና ከግንባሩ እንደወጣ እንደ ቀስት ይደገናል፤ ጉብታው ከፍ ብሎ ጫፉ ላይ ወደ ታች ይሰበራል። ከላይ እስከ ታች ጥልቅ ነው፤ ከፊት ለፊት ለሚያየው ግን ከግራና ከቀኝ የተጨመቀ፣ እንደ ወፍራም ምላጭ ያለ ነው። በሥሩ አፍንጫው ያለበት ጎድጓዳ ፈር አለ። በሌሎች ቁራዎች ላይ ያንን ቦታ ጠጉር መሰል ላባ ይሸፍነዋል፤ እዚህ ላይ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ፈሩ በጥላ መልክ ይታያል። ከዚያ ጫፉን ተመልከት አሉኝ። አየሁት፤ ኖራ የነካ ይመስል ነጭ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ፎቶ ሳይ ኖሬ ያቺን ነጭ ነጥብ አላየኋትም ነበር።

ይህ ምንቃር ዝም ብሎ የተጫነ ጌጥ አይደለም። ወፉ ከብት በዋለበት መስክ ላይ ወርዶ፣ እበቱን እንደ ማጭድ በግራና በቀኝ እየጠረገ ይበትናል፤ ከሥሩ ያለውን ትል ይለቅማል። ጥልቀቱም፣ ጠባብነቱም፣ ጉብታው የሚሰጠው ብርታትም ለዚህ ሥራ ይመቹታል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ ስሙን ሲያወጣለት ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ አለው፤ ምንቃረ ወፍራም ማለት ነው። እሱም ነጩን ትቶ በምንቃሩ ሰየመው።

አሁን መጠኑ ቀረ። አጥር ላይ የቆመ ወፍ ግዙፍ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ብቻውን ሰማይ ሥር የቆመ ወፍ ሁሉ ግዙፍ ነው። አስጎብኚው ግን ወፉ የቆመበትን ነገር ጠየቁኝ። ቆርቆሮ ነው። ወፉ የረገጠው እሱኑ ስለሆነ ሁለቱም ከካሜራው እኩል ይርቃሉ፤ ከኋላ ያለ ዛፍ ወይም ቤት ቢሆን ለዚህ አይጠቅምም ነበር። ለአክስቴ ደውዬ የቆርቆሮውን ጉብታ ከጉብታ እንድትለካልኝ ለመንኳት። «ምን አገባህ በአጥሬ!» ብላ ቀልዳብኝ ለካችው፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል። በፎቶው ላይ ምንቃሩ ከአንዱ ጉብታ ተነሥቶ የሚቀጥለውን ጥቂት ያልፋል። ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው። የምንቃረ ወፍራሙ ምንቃር ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የደረተ ነጩ ግን 6 ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብሳሳት፣ ሦስትም ብሳሳት፣ ክፍተቱ አይሞላም።

እነሆ ወደ ነጩ ተመለስን።

«ነጩ እውነት መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ጥያቄው ሞኝ መሰለኝ። ነገር ግን ጥቁር ላባ ዘይት እንደ ጠጣ ቆዳ ያብረቀርቃል፤ የጠዋት ፀሐይ ሲመታው ስልክ ነጭ አድርጎ ሊያነሣው ይችላል። በዚህ ፎቶ ደግሞ ወፉ ወደ ግራ ስለዞረ ማጅራቱ ልክ ፀሐይዋ ወደ ነበረችበት ወደ ቀኝ ነው። ጥርጣሬው አግባብ ነበር። መፍትሔው ሌላ ፀሐይ የመታው ቦታ መፈለግ ነው። የቀኝ ትከሻውም ያንኑ ብርሃን ይቀበላል፤ እዚያ ላይ ያለው ግን ጠርዙ የማይታወቅ፣ ቀስ እያለ የሚጠፋ ሰማያዊ ወዝ ብቻ ነው። የማጅራቱ ነጭ ጠርዝ አለው፤ ጥቁሩን ላባ በድንገት ይቆርጠዋል። አንዱ ብርሃን ነው፤ ሌላው ላባ ነው።

ከዚያ ቦታውን አዩት። ደረተ ነጩ ከጀርባው ሲታይ ጭንቅላቱና የላይኛው አንገቱ ጥቁር ነው፤ ነጩ ዝቅ ብሎ፣ ትከሻው አጠገብ፣ አንገቱን እንደ ነጠላ ይዞራል። የእኔው ወፍ ነጭ ግን ከፍ ብሎ ከጭንቅላቱ ኋላ ይጀምርና ወደ ማጅራቱ ይወርዳል፤ ወደ ጎን ሳይዞር እዚያው ያበቃል። ጣቴን ባስቀምጥበት ልዩነቱ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ብቻ ነው። እኔ ነጭ መኖሩን አየሁ፤ እሳቸው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አዩ።

ጭራ አጭሩን ቁራ ለማሰናበት አንድ እይታ በቃቸው። እሱ ሲቆም የክንፎቹ ጫፍ ከጭራው ያልፋል፤ የዚህ ግን ጭራው ረጅም ሆኖ ከክንፎቹ በታች ወርዷል። ቀጭን ምንቃር ያለው ደግሞ ከወረቀቱ ልኬት በኋላ የሚያከራክር አልነበረም።

«እንግዲህ ጨረስን?» አልኳቸው።

«የት እንዳነሣኸው ባትነግረኝ ኖሮ አልጨርስም ነበር» አሉ። ከኬንያ ወደ ደቡብ የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለው፤ እሱም ትልቅ ነው፣ እሱም ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ የምንቃሩ ጫፍም ነጭ ነው። ጭራው ያጥራል፣ ምንቃሩም የዚህን ያህል አይጠልቅም፤ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ግን በዚህ ብቻ መማል ይከብዳል። እሱ ደብረ ብርሃን አይደርስም። ስለዚህ የአክስቴ አጥር ሁለት ጊዜ መሰከረ፤ አንድ ጊዜ በጉብታው፣ አንድ ጊዜ በአድራሻው።

ልሰናበታቸው ስል ሁለተኛው ፎቶ ትዝ አለኝ፤ ሲበርር ያነሣሁት። ያው ወፍ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ዓይኔ አልተለየውም። እሳቸው ግን ሌላ ቦታ የተነሣ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም፣ ጥቂት ዝም ብለው አዩት። ጥቁር ጥላ ነው። ምንቃሩ ወደ እኛ ዞሮ አጥሯል፤ ማጅራቱ አይታይም፤ አጠገቡ የሚለካበት ነገር የለም።

«ይኼኛውስ ጋሼ?»

«ቁራ ነው» አሉና ዝም አሉ። ጥቂት ጠበቅሁ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።