«ሆን ብዬ ነው» ልላት ነበር

«ሸማኔው» የሚል ግጥም ጽፌ ነበር። አሥራ ሁለት ስንኝ ናት፣ ትንሽ። የወደዷት ሰዎች «አቦ ይመችህ» ብለውኝ አለፉ፣ እኔም ተመቸኝ። ከዚያ አንዲት አንባቢ ሦስት አንቀጽ ጽፋ ላከችልኝ። ስድብ የለበትም፣ ሙገሳም የለበትም። አባቷ ሸማኔ እንደሆነና እሷም ያደገችው መሸመኛው አጠገብ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝና በቀጥታ ወደ መጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች ገባች። እነሱም እነዚህ ናቸው፦

አባቴ ተቀምጦ፣ በዝምታ ፍቅር
ሲወረውር ዋለ፣ እንደ ደመና ድር።
ማን አለህ ቢሉትም፣ ልጄ አለ ከሩቅ
መወርወሪያው ሲሄድ፣ ሲመጣ ቀን ሳያልቅ።

የነገረችኝ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሸማኔ ድር አይወረውርም። ሁለተኛ፣ አራተኛው ስንኝ ላይ ምላሷ ተሰናከለ። ሦስተኛ፣ «ልጄ አለ ከሩቅ» የሚለው አልገባትም፦ «አባትየው ነው ከሩቅ ሆኖ የሚናገረው? አጠገባችን ተቀምጦ የለም እንዴ?»

የመጀመሪያ መልሴን በዚያው ሌሊት ጻፍኩ። ደግነቱ አልላክሁትም። ረጅም ነበር፤ ግጥም ከእውነታ ነፃ ስለመሆኑ ያትታል፣ ዜማ ሆን ተብሎ ስለሚሰበርባቸው ሁኔታዎች ያብራራል፣ ሰምና ወርቅን በጥሞና ማንበብ እንደሚያስፈልግ በትሕትና ያስታውሳል (ትሕትናው ነው ይበልጥ የሚያሳፍረው)። ጠዋት ሳነበው ችግሩ ቁጣው ሳይሆን ውሸቱ ሆኖ አገኘሁት። ግጥሙን ስጽፍ ያልነበረ ሐሳብ ሁሉ ትችቱ ከመጣ በኋላ ተፈጥሮ «መጀመሪያም ነበርኩ» ይላል።

ከድሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ላይ መከራከሪያ የለኝም።

ድርና ማግ ሁለት የተለያዩ ክሮች ናቸው። ድሩ አስቀድሞ በቁመት የሚዘረጋውና ተወጥሮ የሚቀመጠው ነው። ማጉ በአግድም የሚገባው ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በእግሩ ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ከፍ፣ እኩሌታው ዝቅ ይላል፤ መሀሉ ይከፈታል። በዚያ ክፍተት ነው መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚልከው፤ በመወርወሪያው ውስጥ ያለው ደግሞ ማግ ነው። ድሩማ የትም አይሄድም። እንግዲህ የኔ አባት ድር ሲወረውር ዋለ ማለት ጋቢው ገና ሳይጀመር ፈርሷል ማለት ነው።

ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ሸማኔ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። (እዚህ ላይ ልናዘዝና፣ ግጥሙ ውስጥ ያለው «አባቴ» እሱ ነው፤ የኔ አባት ሸማኔ አልነበረም።) ታዲያ ማግ መሆኑን እያወቅሁ ድር ያልኩት ለምንድነው? ወደ ረቂቁ ተመለስኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ማግ» ነበር። ከላይ ያለው ስንኝ ግን «ፍቅር» ብሎ አልቋል። «ፍቅር»ን ወድጄዋለሁ፣ ልለቀው አልፈለግሁም። «ማግ» ከ«ፍቅር» ጋር ቤት አይመታም፣ «ድር» ይመታል። ሰረዝኩና ቀየርኩ። ያቺ ሰከንድ ነች ጉዳዩ። ቤት ለመምታት ብዬ የአንድን ሰው የቀን ሥራ ገለበጥኩት፤ ያ ሥራ እንጀራዋ የነበረ ልጅ ደግሞ አነበበችው።

ከዚህ የባሰው ገና ነው። ውሸቷ የተከፈለችው ለማን ነበር? ለ«በዝምታ ፍቅር»። ይህ ሐረግ ምን ያሳያል? ምንም። ሸማኔውን አያሳይም፣ ጉድጓዱን አያሳይም። አንባቢው ራሱ እንዲሰማው የምፈልገውን ስሜት ስሙን ጠርቼ አስቀመጥኩለት። እሷ ስለዚህ ሐረግ አንድም ቃል አላለችም፤ የድሩን ክር ስትስበው ግን አብሮ ተተረተረ። ስለ አንድ ቃል የመጣ ትችት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ጥፋቱ የተጠቆመው ቃል ላይ ይታያል፣ ምክንያቱ ግን አንድ ስንኝ ወደ ላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛው የምላስ መሰናከል ነው። ግጥሙ በወል ቤት ነው የተጻፈው፤ አንዱ ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም አለው፣ መሀሉ ላይ ዕረፍት ተደርጎ ስድስት በስድስት ይከፈላል። የሚቆጠረው በአፍ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ ፊደሉ አይደለም፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ይለጠፋል። እስቲ ጮክ ብላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ፦ አ-ባ-ቴ-ተ-ቀም-ጦ። ስድስት። አሁን አራተኛውን፦ መ-ወር-ወ-ሪ-ያው-ሲ-ሄድ። ሰባት። «መወርወሪያው» ብቻውን በፊደል ሰባት፣ በድምፅ አምስት ነው፤ ለቀጣዩ ቃል አንድ ቦታ ብቻ ይተዋል፣ እኔ ሁለት ጫንኩበት።

አሁን ፈተናው መጣ። ስንኟ የምታወራው ስለ መወርወሪያ ነው። ዜማው የተሰናከለው ልክ መወርወሪያው በሚያልፍበት ቦታ ነው። «መወርወሪያው ክሩ ላይ ሲያዝ እንዲሰማሽ ሆን ብዬ ነው» ብላት ማን ያጣራል? የሚያምርም መልስ ነው። ባልላክሁት ደብዳቤ ውስጥ ይህችው ዓረፍተ ነገር ነበረች፣ ስጽፋት እኔም አምኛት ነበር። እውነቱ ግን አልቆጠርኩም። መሰበሩን ያወቅሁት ከሷ ነው።

ሆን ተብሎ የተሰበረ ዜማ አይኖርም እያልኩ አይደለም። ይኖራል፣ ሲኖርም ይታወቃል። ከፊቱ ያሉት ስንኞች ጆሮን አስለምደው ነው የሚሰብሩት፣ ከተሰበረ በኋላም የሚቀጥለው ስንኝ ስብራቱን ያውቀዋል፤ ይመለስበታል ወይ ይጠግነዋል። የኔን ግጥም እስከ መጨረሻው ቆጠርኩት። ዘጠነኛው ስንኝ ላይ ሌላ ሰባት አገኘሁ፣ እዚያ ደግሞ ስለ ዝናብ ነው የማወራው። ዝናብም ክር ላይ ተያዘ ልበል? የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ቤቱ ከጎደለ ጎደለ ነው፤ «ሆን ብዬ» የሚባል ነገር አያዋጣም። እኔ ያለ መምህር ስለጻፍኩ ነው ሰባቱን ስድስት ብዬ የኖርኩት።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ጋ እሷ ትክክል ናት፣ እኔም የምለቀው አይመስለኝም።

«አለ» ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነበብ ሁለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፣ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ይነግረናል። «ማን አለህ?» ብለው ሲጠይቁት «ልጄ አለ» ይላል፤ ልጄ በሕይወት አለ፣ እሱ አለኝ። ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ሽማግሌው ሸማውን ሳይለቅ አንዲት ቃል ብቻ ከአፉ ወጣች፦ «ልጄ» አለ። ይቺን ሳገኝ ለሁለት ቀን ተደስቼ ነበር፣ አልዋሽም። ጽሕፈታችን መጥበቅን ስለማይጽፍ ገጣሚ ከሚያገኛቸው ነፃ ስጦታዎች አንዱ ነው።

እሷ ያነበበችው አላልታ ነው። ስለዚህ ልጽፍላት ያሰብኩት «አጥብቀሽ አንብቢው» የሚል ነበር፤ ሁለት ቃል፣ አለቀ። ከመላኬ በፊት ግን ግጥሙን ለአራት ጓደኞቼ ሰጥቼ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደረግሁ። አራቱም አጠበቁት። «ማን አለህ» ቀድሞ ስለመጣ አፋቸው በዚያው ሄደ። ሁለተኛውን ትርጉም ግን አንዳቸውም አላዩም። እሷ ብቻ ናት ያላላችው፣ ስታላላውም ነው ስንኙ የፈረሰባት። «ከሩቅ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ ልክ ነው፤ ልጁ ሩቅ ነው። ላልቶ ሲነበብ ግን ሩቅ የሚሆነው አባትየው ነው፣ እሱ ደግሞ ፊታችን ተቀምጧል። ጥያቄዋ ይኸው ነበር፣ ቃል በቃል። እኔ ወርቅ ነው ብዬ የቀበርኩትን የቆፈረችው እሷ ብቻ ሆና ሳለ፣ አላነበብሽም ልላት ነበር።

ኅብረ ቃል ሲሠራ በዙሪያው ያሉት ቃላት ለሁለቱም ትርጉም ማገልገል አለባቸው። አንዱ ቃል ወደ አንድ ወገን ካደላ ሌላው ትርጉም ይሞታል። እኔ «አለ»ን ብቻ አይቼ «ከሩቅ»ን ሳላይ ቀረሁ፤ እሱም የገባው «ሳያልቅ» ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታ ነው። እንግዲህ ድሩም ሩቁም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የላክሁላት መልስ አጭር ነበር። ስለ ድሩና ስለ ሰባቱ ቀለም «ልክ ነሽ፣ አላየሁትም» አልኳት። ስለ «አለ» ሁለቱን ንባብ አስረድቼ የሷ ንባብ ለምን እንደፈረሰ ያገኘሁትን ጻፍኩላት። ሐሳቤን የነገርኳት እንድትቀበለው አይደለም፤ ጥገናው የት ላይ እንደሚያርፍ እንድታይልኝ ነው። ከዚያ ይህን አያያዝኩ፦

አባቴ ተቀምጦ፣ እግሩ ጉድጓድ ገብቶ
ማጉን ሲወረውር፣ ድሩ መሀል ከቶ፤
ማን አለህ ቢሉትም፣ ልጄ አለ ዛሬም
እጁ ሲመላለስ፣ ቀና ማለት የለም።

«ፍቅር» ወጣ፣ በቦታው እግር ገባ። ማግና ድር በየቦታቸው ናቸው። መወርወሪያውን በስሙ ጠርቶ ስድስት ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ እጁን ተውኩት፤ ይህ ኪሳራ ነው፣ ቃሉ ያምራል። «ዛሬም» ለሁለቱም ንባብ ይሠራል፦ ልጄ ዛሬም አለ፤ ዛሬም «ልጄ» አለ።

ችግሩ መጨረሻው ነው። «የለም» ሳላስበው ከ«አለ» በታች ገባና ተቃራኒው ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ ደስ ብሎኛል። ግን «የለም»ን የሰማ ጆሮ ወደ ላይ ሲመለስ «አለ»ን ማጥበቁ አይቀርም፣ ስለዚህ የላላው ንባብ ከበፊቱ ይልቅ ሊዳፈን ይችላል። ይህንንም ጻፍኩላት። መልሷ በማግስቱ መጣ፤ ግጥሙን ለአባቷ እንዳነበበችለት ነገረችኝ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣ ሦስተኛው ላይ «ምን አለ አልሽ?» ብሎ ጠየቃት። ጠብቆ ይሁን ላልቶ አልጻፈችልኝም።