ሌሊት 8 ሰዓት ከ41

ጎንደር አራዳ ላይ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላቸው ደንበኛዬ የመድን ድርጅቱን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉና «ልጄ፣ አረቦኑን ስከፍል ወዳጄ ነበሩ» አሉኝ። ደብዳቤው አጭር ነው። በፖሊሲው ዋራንቲ መሠረት የማስጠንቀቂያ ደወሉ በየ6 ወሩ በባለሙያ መፈተሽ ነበረበት፤ ከተፈተሸ ግን 8 ወር ሆኖታል፤ ስለዚህ ካሳ አይከፈልም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ጥሰቱን ማመን ነበር። ሰውየው ተቆጡ። እኔ ግን የተጻፈውን እንዳልተጻፈ አድርጎ የሚጀምር መልስ ከመጀመሪያው መስመር ተዓማኒነቱን እንደሚያጣ አውቃለሁ። የመድን ድርጅቱ ትልቁ ጉልበት የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 ነው፤ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። አንቀጽ 1733 ደግሞ ግልጽ የሆነውን ቃል ዳኛ በትርጉም እንዳይለውጠው ያግዳል። «ስድስት ወር» ማለት ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ክርክሬን ከዚያ አልጀመርኩም፤ «ሁለት ወር ዘግይቷል፤ ታዲያ ይህ መዘግየት ለስርቆቱ ምን አደረገ?» ብዬ ጀመርኩ።

ሌቦቹ የኋላውን ቆርቆሮ ገልጠው ገብተዋል። የደወሉን መቆጣጠሪያ ሳጥን ከፍተን መዝገቡን ስናነብ እንዲህ ይላል፦

```
19:12 ARMED
23:05 AC LOSS
02:41 ZONE 3 ALARM
```

ይኸው ነው። ማታ ተቆልፏል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ5 ላይ መብራት ጠፍቷል፤ ሌሊት ደወሉ በባትሪ ጮኋል። ባትሪ ሲደክም የሚጻፈው LOW BATT የለም። የአካባቢው ዘበኛ ለፖሊስ በሰጡት ቃል ጩኸቱን የሰሙት «ስምንት ሰዓት ከአርባ ገደማ» ነው ብለዋል። የድርጅቱ ሰው ይህንን ይዞ «መዝገቡና ምስክሩ በስድስት ሰዓት ይለያያሉ» ብሎ ጻፈ! ሳጥኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት፣ ዘበኛው በእኛ ሰዓት መሆኑን ለማስረዳት አንድ አንቀጽ አባከንኩ፤ ግን ሁለቱ ማስረጃዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ደቂቃ ልዩነት መግጠማቸው ከደብዳቤዬ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ሆነ።

ፍተሻ የሚደረገው ደወሉ በሰዓቱ እንዲጮህ ነው፤ ጮኋል። ሌቦቹ ዘበኛው እስኪደርሱ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች የመስታወቱን ሳጥን ባዶ አድርገው ወጡ። በ6ኛው ወር የተፈተሸ ደወልም ከዚህ ፈጥኖ አይጮህም። መንስኤነት ማለት ለእኔ ይኼ ነው፦ የጎደለውን ነገር ወደ ቦታው መልሰህ ሌሊቱን እንደገና ብታስኬደው ውጤቱ ይለወጣል ወይ?

የፍተሻው ቀን ቁም ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ደግሞ የራሳቸውን ወረቀት ተጠቀምኩ። ውሉ ሲገባ ያስሞሉት ቅጽ ደወል አለ ወይ፣ ይሠራል ወይ፣ ዘበኛ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ስለ ፍተሻ ቀን ግን ምንም አይልም። ውሉን ሲያድሱም የፍተሻ ወረቀት ጠይቀው አያውቁም። «ፍተሻው በየ8 ወሩ ነው ቢባል አረቦኑ ስንት ይሆን ነበር?» ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። መልስ አልመጣም። አንቀጽ 1785 ውል የሚፈርሰው መሠረታዊ የሆነ ቃል ሲጣስ ነው ስለሚል፣ ዋጋ የማይለውጥ ነገር መሠረታዊ ነው ለማለት ያስቸግራል። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የመድን ክፍልም፣ የ2013ቱ አዋጅ ሳይነካው ዛሬም የሚሠራው፣ በአንቀጽ 663 የመድን ገቢውን ቸልተኝነት እንኳ ይሸፍናል፤ የማይሸፍነው ሆን ተብሎ የተደረገውን ነው።

«ዋራንቲ» የሚለው ቃል ራሱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። እዚያ በ1786 እ.ኤ.አ. በተፈረደ ጉዳይ አንድ መርከብ 50 ሰው ይዞ ይነሣል ተብሎ በ46 ተነሣ፤ ብዙም ሳይርቅ 6 ጨመረ፤ በኋላ በጠላት ሲማረክ መድን ሰጪው የከፈለውን ካሳ አስመለሰ። እንግሊዞች ራሳቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ይህን አለዝበውታል። የኛ ሕግ ያን ጭካኔ ከመጀመሪያውም አልጻፈውም። ሆኖም ይህ ክርክር እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ ለደንበኛዬ ነግሬአቸዋለሁ፤ አንቀጽ 1731ን ብቻ የሚያነብ ዳኛ ሊያጋጥም ይችላል።

ለሁሉም ጥሰት እንዲህ ያለ መከላከያ አይገኝም። ደወሉን ሳያበራ ወደ ሠርግ የሄደ ነጋዴ ይዞልኝ የመጣውን ደብዳቤ አንብቤ መለስኩለት፤ ሌባው በፊት በር ነበር የገባው።

የአራዳው ጉዳይ ግን አለቀ። ድርጅቱ ቴክኒሻን ልኮ መብራቱን ከምሽት እስከ ንጋት አቋርጦ ደወሉን ሞከረው፤ ጮኸ። የመድን ገቢው ድርሻ ተቀንሶ ቀሪው ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ የተዘረፈ ሰው ሲደውልልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምለው አንድ ነው፦ ሳጥኑን አትንኩ፣ ደወሉን አትሞክሩ፣ መዝገቡን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ማኅደረ ትውስታው ትንሽ ነው፤ አዲስ ሙከራ የቆየውን ይደመስሰዋል።