ሚዲያንን ከላይም ከታችም ቁጠሩት

አንድ አዲስ የሒሳብ መምህር ሰሞኑን ሠንጠረዥ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ 40 ተማሪ ካለ የሚዲያኑን ቦታ 20 ልበል ወይስ 20.5?» አለኝ። እሱ የተማረው 20.5ን ነው። ሌላ የሥራ ባልደረባችን ደግሞ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱም ያስኬዳል ብሎታል። እኔ አያስኬድም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም በዚያው ሠንጠረዥ ላሳይ።

ሠንጠረዡ ተማሪዎች ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚሄዱ ያሳያል። ከ10 ደቂቃ በታች የሚሄዱት 6 ናቸው። ከ10 እስከ 20 ባለው ምድብ 12፣ ከ20 እስከ 30 ባለው 11፣ ከ30 እስከ 40 ባለው 8 ተማሪዎች አሉ። 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚሄዱት 3 ናቸው።

ከታች ስንደምር 6 እና 12፣ 18 ይሆናል። 20 ለመሙላት ከሦስተኛው ምድብ 2 ልጆች ይቀሩናል። በዚያ ምድብ ያሉት 11 ልጆች በ10 ደቂቃው ውስጥ እኩል ተሰራጭተዋል ብለን ስለምንነሣ፣ ሁለት ሲካፈል ለ11፣ ሲባዛ በ10፣ 1.82 ይመጣል። ሚዲያኑ 21.82 ደቂቃ ነው ማለት ነው።

አሁን ከላይ ወደ ታች እንውረድ። 3 እና 8፣ 11 ነው፤ 20 ለመሙላት 9 ይቀራል። ዘጠኝ ሲካፈል ለ11፣ ሲባዛ በ10፣ 8.18 ነው፤ ይህን ከ30 ስንቀንስ ያው 21.82 ይመጣል። በ20.5 ብንሠራ ግን ከታች 22.27፣ ከላይ 21.36 እናገኛለን። አንድ ሠንጠረዥ ሁለት ሚዲያን ሊኖረው አይችልም። 20.5 ቦታው ሌላ ነው፤ የ40ዎቹ ልጆች ደቂቃ በየግሉ ተጽፎ በቅደም ተከተል ሲደረደር የ20ኛውንና የ21ኛውን አማካይ የምንወስድበት መንገድ ነው። በምድብ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ተራ የያዘ ልጅ የለም። የምንፈልገው 20ውን ወዲህ፣ 20ውን ወዲያ የሚከፍለውን ነጥብ ነው።

ይህ ከሁለት ወገን የመቁጠር ማረጋገጫ ሌላም ስሕተት ይይዛል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከሚዲያኑ ምድብ በፊት ያለውን ድምር፣ 18ን፣ በመቀነስ ፈንታ የምድቡን ጨምረው 29ን ይቀንሳሉ። መልሱ 11.8 ይሆናል፤ ከላይ ሲቆጠር ከሚመጣው 21.82 ጋር አይገጥምም፣ ከ20 እስከ 30 ካለው ምድብም ወጥቷል። «ደግመህ ሥራው» የሚባለውን ምክር የማልወደው ለዚህ ነው። 29ን የቀነሰ ልጅ ደግሞም ቢሠራ የሚቀንሰው 29ን ነው። ማረጋገጫ በሌላ መንገድ መሄድ አለበት።

አማካዩም ሁለት ወገን አለው። የየምድቡን መካከል (5፣ 15፣ 25፣ 35፣ 45) በተማሪው ቁጥር አባዝተን ስንደምር 900 ነው፤ ለ40 ሲካፈል 22.5። ከዚህ በታች ያሉት ምድቦች ጉድለት 105 እና 90፣ በድምሩ 195 ነው። በላይ ያሉት ትርፍ 27.5፣ 100 እና 67.5፣ እሱም 195። ሚዛኑ ቆመ። የተማሪውን ቁጥር ረስቶ አምስቱን መካከሎች ብቻ ደምሮ ለ5 ያካፈለ ልጅ 25 ያገኛል። ሲያዩት ደህና መልስ ይመስላል፤ ግን ጉድለቱ 240፣ ትርፉ 140 ስለሚሆን ወዲያው ይጋለጣል።

እዚህ ድረስ ስሌቱ ራሱን ይጠብቃል። ከዚህ በላይ አይችልም። «40ና ከዚያ በላይ» የሚለው ምድብ ጣሪያ የለውም፤ 45ን መካከል ያደረግነው እኛ ነን። ከሦስቱ አንዱ ልጅ 135 ደቂቃ የሚሄድ ቢሆንስ? ድምሩ በ90 ያድግና አማካዩ 24.75 ይደርሳል። ሚዲያኑ ከ21.82 ንቅንቅ አይልም። ጉድለትና ትርፉ ግን በ22.5ም ልክ መጥቶ ነበር። ማረጋገጫው እኛ በገመትነው 45 ላይ ስለቆመ፣ ግምቱን ሊያጋልጥ አይችልም። ስለዚህ ጫፉ ክፍት የሆነ ሠንጠረዥ ሲሰጠኝ ሚዲያኑን አስቀድማለሁ፤ አማካይ የሚጠየቅ ከሆነም የመጨረሻውን ምድብ ልጆች ትክክለኛ ደቂቃ ከመነሻው መዝገብ እጠይቃለሁ።

በዚህ ሙያ ውስጥ ዓመታት ስቆይ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ የመጠየቅ ልማድ ነው። 135 የተጻፈው 35 ለማለት ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጁ ወደ አራተኛው ምድብ ይመለሳል። እውነት ከሆነ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዞ የሚመጣ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አለ፤ አማካዩን እንዳያዛባ ብሎ እሱን ከሠንጠረዡ መሰረዝን በፍጹም አልቀበልም። አማካዩን ከእሱ ጋርና ያለ እሱ ጎን ለጎን ጻፉ፣ ሚዲያኑንም አክሉበት፣ የእሱን ቁጥር ለብቻው አሳዩ።

አዲስ መምህራን፣ ፈተና ስታወጡ ከመልሱ ሥር ለማረጋገጫ ሁለት መስመር ክፍት ተዉ፤ ነጥብም ስጡበት። ነጥብ የሌለበትን ማረጋገጫ ተማሪ አይሠራውም።