ልብ፣ ኩላሊት፣ አንጀት፦ የአንድ ትርጉም መመዘኛ

ዕብራይስጥ የሰውን ሐሳብና ስሜት በልብ፣ በኩላሊትና በአንጀት ይገልጻል። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የአማርኛ ለዛ እንዳለው የሚለየውም እነዚህ ቃላት በሚገኙበት ቦታ ነው።

ልብ ብዙ አያስቸግርም። በዕብራይስጥ ልብ ማሰቢያም ነው፤ በሆሴዕ 7፥11 «ልብ የሌላት» ርግብ ጨካኝ ሳትሆን ማስተዋል የጎደላት ናት። አማርኛም «ልብ በል»፣ «ልበ ቢስ» ስለሚል ቃሉ እንዳለ ይገባል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ «አእምሮ የሌላት» የሚል ትርጉም ሲገኝ፣ ተርጓሚው ከዕብራይስጡ ይልቅ የአውሮፓ ቋንቋ ትርጉም ተከትሎ እንዳይሆን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፈተናው ኩላሊት ላይ ነው። በታረደ ከብት ውስጥ ኩላሊት በሞራ ተሸፍኖ ከጀርባ በኩል ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ለዕብራውያን የሰው ሥውር ውስጥ ምሳሌ መሆኑ አይገርምም። ለአማርኛ አንባቢ ግን ኩላሊት ወይ ሥጋ ቤትን ወይ ሐኪም ቤትን ያስታውሳል። በኤርምያስ 17፥10 አምላክ ኩላሊትን ይፈትናል መባሉ በቃል በቃል ትርጉም የሕክምና ምርመራ ይመስላል። አማርኛ ምስጢርን የሚያኖረው ሆድ ውስጥ ነው፤ «የሆዱን በሆዱ ይዞ» ይባላል። ስለዚህ «በሰው ሆድ ያለውን የሚያውቅ» ቢባል ሐሳቡ ሳይጎድል ይደርሳል። በዘሌዋውያን 3፥4 ግን ኩላሊቱ የመሥዋዕት ክፍል ስለሆነ መለወጥ የለበትም። ቃሉን በሁሉም ቦታ በአንድ ምትክ የተካ ተርጓሚ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

በምሳሌ 23፥15-16 አባት ለልጁ ሲናገር በመጀመሪያ ልቡ፣ ቀጥሎ ኩላሊቱ ደስ እንደሚለው ይገልጻል። እዚህ ላይ «ሆዴ» አይሆንም፤ ሆድ በአማርኛ ይብሳል፣ ይባባል እንጂ እንዲህ ያለውን ደስታ እምብዛም አይሸከምም። «አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል» ደስታውን ይሰጣል፤ ሆኖም በጥቅስ ውስጥ የሌለ ቅቤ ያመጣል፣ ለምክር ንግግርም ጨዋታ ይበዛበታል። «ልቤ ደስ ይለዋል፤ አንጀቴም ይርሳል» የተሻለ ነው፦ የልጁን ማስተዋል ሲጠባበቅ የኖረ አባት እፎይታ ይሰማበታል፣ የሁለቱ ስንኞች ትይዩነትም ይጠበቃል።

የግሪኩ ሐዲስ ኪዳን ደግሞ ርኅራኄን ከአንጀት ጋር ያያይዛል። በሉቃስ 10፥33 ሳምራዊው ቁስለኛውን ሲያይ የተሰማውን የሚናገረው ግስ «ሆድ ዕቃ» ከሚል ስም የወጣ ነው። «አዘነለት» ትክክል ነው፤ ነገር ግን አማርኛ «አንጀቱን በላው» የሚል ሙሉ አቻ አለው። ጥንቃቄ የሚያሻው በባለቤቱ ላይ ነው፦ አንጀት የሚበላው ቁስለኛው፣ አንጀቱ የሚበላው ሳምራዊው ነው። ተርጓሚው «አንጀቱ አረረ» ቢል ግን ርኅራኄው ወደ ቁጭት ይለወጣል።