ጋዜጣው ውስጥ ያለው ገንዘብ፦ የስክሪፕት ብሬክዳውን ሉህ ምን አይታየውም?

የስክሪፕት ብሬክዳውን ሉህ ከሚገባው በላይ ይሞገሳል። ረዳት ዳይሬክተሩ ስክሪፕቱን በቀለም እያሰመረ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ተዋንያኑን፣ ፕሮፕሱን፣ ኮስቲዩሙን፣ ሎኬሽኑንና ስፔሻል ኢፌክቱን በየሳጥናቸው ያሰፍራል። ሳጥኖቹ ሲሞሉ ዝግጅቱ ያለቀ ይመስላል። ሉሁ ግን ትዕይንቱን ለብቻው ነጥሎ ነው የሚያየው፤ ዕቃ ደግሞ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት እየተጓዘ መልኩን ይለውጣል።

የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» (1960) በዚህ ዓይን እንየው። ስለ ሻወሩ ትዕይንትና በደም ምትክ ስለፈሰሰው የቸኮሌት ሽሮፕ ብዙ ተብሏል፤ ለብሬክዳውን ሠሪ ግን ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ደምን ሳይመዘግብ የሚያልፍ የለም። የሚያስቸግረው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት። ባለታሪኳ ማሪዮን ከሰረቀችው 40,000 ዶላር 700ውን ለመኪና ከፍላለች። ሞቴሉ ክፍል ውስጥ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ቀንሳ፣ ወረቀቱን ቀዳድዳ መጸዳጃ ውስጥ ትጥለዋለች። ከሳምንት በኋላ እህቷ ላይላ እዚያው አንድ ቁራጭ ታገኛለች።

ሁለቱ ትዕይንቶች በሁለት ሉህ ላይ «ወረቀት» ተብለው ብቻ ቢያልፉ ምን ይሆናል? ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ የላይላ ትዕይንት ቀድሞ ከተቀረጸ የማሪዮንን የእጅ ጽሑፍ የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ወስኖላት ያርፋል፤ ተዋናይቷም በኋላ ያንኑ ለመምሰል ትገደዳለች። በየድግግሞሹ አንድ ወረቀት ስለሚቀደድ ተመሳሳይ ቅጂዎች ያስፈልጋሉ፤ የተገኘው ቁራጭ ደግሞ በቀለሙም በአቀዳደዱም ከእነዚያ ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ ከዕቃው ስም አጠገብ «ከየትኛው ትዕይንት መጣ፣ በምን ሁኔታ፣ ስንት ቅጂ» ተብሎ ካልተጻፈ ሳጥኑ ባዶ የቀረ ያህል ነው።

በሉሁ ላይ ብዙዎች የሚዘሏት፣ እኔ ግን አብልጬ የምወዳት አንዲት ሳጥን አለች፤ የታሪኩን ቀን የምታስመዘግበው። ወረቀቷ ለሳምንት እርጥበት ውስጥ እንደቆየች የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። ኮስቲዩም ላይም ጥቅሟ ያው ነው። ማሪዮን ከስርቆቱ በፊት ነጭ፣ ከስርቆቱ በኋላ ጥቁር የውስጥ ልብስ ትለብሳለች፤ «የውስጥ ልብስ» ብሎ ቀለሙንና ቀኑን የሚተው ሉህ የዳይሬክተሩን ሐሳብ ሳያውቅ ይሰርዘዋል።

የሞቴሉ ሰው ኖርማን ከግድያው በኋላ ክፍሉን ሲያጸዳ ደግሞ በቃል የሚነገር ነገር የለም። ማሪዮን ገንዘቡን የጠቀለለችበትን ጋዜጣ አንስቶ ከሬሳዋ ጋር መኪናው ኋላ ይወረውራል። ስሞችን እየለቀመ የሚያሰምር ሰው፣ ወይም ይህንኑ የሚሠራለት ሶፍትዌር፣ «ጋዜጣ» ብሎ ይመዘግባል። ውስጡ 39,300 ዶላር እንዳለ ካልተጻፈ የዕቃ ክፍሉ አንድ ስስ ጋዜጣ አጣጥፎ ያቀብላል፤ ማሪዮን አልጋዋ አጠገብ ያስቀመጠችው ወፍራም ጥቅልም ስክሪኑ ላይ ሌላ ዕቃ ይሆናል።