ለስም የተከፈተ፣ ለሊንክ የተከፈተ

የቅጥር ኮሚቴ ፎልደር ውስጥ የሚገባውን ነገር በሰው ኃይል ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የአመልካቾች መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የቀድሞ ደመወዝ፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር ሳይቀር አለበት። ይህን በጎግል ድራይቭ አሰናድቼ ለኮሚቴው አባላት ማድረስ የኔ ሥራ ነው። ከሥራው ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ደግሞ ፎልደሩ ለማን እንደሚከፈት ነው።

Share የሚለው ሲነካ ከታች General access የሚል ክፍል ይመጣል። Restricted ላይ ከሆነ፣ ኢሜይላቸውን ከላይ የመዘገብኳቸው ሰዎች ብቻ፣ ያውም በዚያው አካውንት ገብተው፣ ያዩታል። Anyone with the link ከተባለ ግን ሊንኩ የደረሰው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ስሙንም ሳይናገር ይከፍተዋል። ሊንክ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አንዴ ከወጣ ማን ለማን እንዳሳለፈው አይታወቅም። በስም ሲሆን፣ አንድ አመልካች «ማስረጃዬን ማን አየው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር ከፍቼ ላሳየው እችላለሁ።

ታዲያ ሰው ለምን ወደ ክፍቱ ሊንክ ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የስልክ ጥሪ ምክንያት ነው። አንድ ሰብሳቢ ፈተና ሊጀመር ሲል ደውለው፣ «እህቴ፣ አልከፍት አለኝ፤ ዝም ብለሽ ለሁሉም ክፈቺውና እንገላገል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ በየትኛው ኢሜይል ነው የገቡት?»

የመዘገብኩት የመሥሪያ ቤታቸውን አድራሻ ነው፤ ስልካቸው ላይ የተከፈተው ግን የግል ጂሜይላቸው ነበር። ድራይቭ ላይ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችውን ክብ ምስል ነክተው አካውንቱን ሲቀይሩ ፎልደሩ ወዲያው መጣ። በስም የተጋራ ፎልደር እምቢ ሲል መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። አንዳንዱ ሰው ግን በዚያው በግል አካውንቱ Request access የሚለውን ይነካና ጥያቄው በኢሜይል ይደርሰኛል። በጥያቄው ላይ የማውቀው ስም ስለተጻፈ ብቻ አልፈቅድም። ስም ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። በማውቀው ስልክ ደውዬ አድራሻው የሱ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ እከፍታለሁ።

ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ቦታ ነው። ፎልደሩ Restricted ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ ተዘግቷል ብለው ያምናሉ። ፋይል የፎልደሩን ፈቃድ ይወርሳል፤ ግን የራሱም ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ አንድ አባል Editor ሆኖ የአንዲትን አመልካች ዲግሪ ለሌላው ለማሳየት ያንን ፋይል ብቻ Anyone with the link ቢያደርገው፣ ፎልደሩ እንደተዘጋ እያሳየ ዲግሪው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በፊት በራሱ ፈቃድ ክፍት የነበረ ፋይል ወደ ተዘጋ ፎልደር ቢገባም ያው ነው። ስለዚህ ለአባላቱ Viewer ብቻ እሰጣለሁ፤ ውጤት የሚሞሉበትን ሠንጠረዥ ለብቻው አውጥቼ በዚያ ላይ ብቻ Editor አደርጋቸዋለሁ። ከመላኬ በፊት ደግሞ የፎልደሩንና የየፋይሉን ሊንክ እየቀዳሁ፣ በምንም አካውንት ባልተገባበት በ Incognito መስኮት እሞክራለሁ። ግባ የሚል ገጽ ከመጣ ተዘግቷል፤ ሰነዱ ከታየ ግን የዚያን ፋይል Share ከፍቼ አስተካክላለሁ።

Viewer የሆነ ሰው ሰነዱን ማውረድ ወይም ስክሪንሹት ማንሳት ይችላል። የስም ፈቃድ ይህንን አያስቀርም፤ ለዚህም ነው ዝርዝሩን አጭር የማደርገው።

ክፍት ሊንክን ጨርሶ አልጠላም። የሥራ ማስታወቂያውን፣ የሥራ መደቡን ዝርዝርና የማመልከቻ ቅጹን የያዘውን ፎልደር ሆን ብዬ ለሁሉም እከፍታለሁ። ጂሜይል የሌለው አመልካች በር ላይ መመለስ የለበትም። ይህ ፎልደር ግን ከኮሚቴው ፎልደር ውጭ፣ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ ሰው ቸኩሎ የማስረጃ ቅጂ ወደ ክፍቱ እንዳይጥል።

ቅጥሩ ሲያልቅ የአባላቱን ስም አንድ በአንድ አስወጣለሁ፤ ለሚቀጥለውም ቅጥር ያንኑ ፎልደር አጽድቼ አልጠቀምም። ምክንያቱም ቢጸዳም የፎልደሩ አድራሻ አይለወጥም። ክፍት የነበረ ሊንክ Restricted ሲደረግ ይዘጋል፤ ከወራት በኋላ አንድ ሰው መልሶ ቢከፍተው ግን ያው ድሮ በቴሌግራም የተላለፈው ሊንክ እንደገና ይሠራል፣ ይዘውት ለቆዩትም ሁሉ አዲሶቹን አመልካቾች ያሳያል። አዲስ ቅጥር ሲመጣ አዲስ ፎልደር ከፍቼ ስሞቹን ከባዶ እመዘግባለሁ።